ውሃው ሳይመጣ የሚዘጋው የጥገና ትዕዛዝ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በከተማ የውሃ መስመር ጥገና ላይ ለዓመታት የሠራሁ እንደመሆኔ፣ የጥገና ትዕዛዝ ስለሚዘጋበት መንገድ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ነዋሪው ደውሎ ቧንቧ መፈንዳቱን ሲያስታውቅ ጥቆማው በሲስተሙ ቁጥር ይሰጠውና የሥራ ትዕዛዝ ይሆናል፤ ቡድኑ ጠግኖ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ዕለት ይዘጋል።

ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች ግን ቡድኑ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መስመሩ ባዶ በሆነበት ቀን ነው። ለቁፋሮውም ሆነ ለጥገናው ይህ ይመቻል። የተሰነጠቀው ቦታ በክላምፕ ይታሰራል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ትዕዛዙም ይዘጋል። ክላምፑ ግፊት መቻል አለመቻሉ የሚታወቀው ግን የሰፈሩ ተራ ደርሶ ውሃ ሲለቀቅ ነው፤ ያ ደግሞ ከቀናት በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት ሲሆን፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ ቡድኑ ሌላ ሰፈር ከሄደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ከጌት ቫልቩ ይመጣል። ለጥገና የተዘጋ ቫልቭ ሲዘጋ ስንት ዙር እንደዞረ ተቆጥሮ፣ ሲከፈትም ያንኑ ያህል መዞር አለበት። ሳይቆጠር በግምት ተከፍቶ ግማሽ ላይ ከቀረ፣ ዝቅ ያለው አካባቢ ውሃ ያገኛል፣ ዳገት ላይ ያሉት ቤቶች ግን ባልዲ ይዘው ይጠብቃሉ። እነርሱ ሲደውሉ የሚመዘገበው ‹‹ውሃ የለም›› የሚል አዲስ ጥቆማ ነው፤ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከቀድሞው ጥገና ጋር የሚያያይዘው የለም። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ አንድ ያላለቀ ሥራ በፍጥነት እንደተጠናቀቁ ሁለት ሥራዎች ሆኖ ይቀርባል። (ሪፖርቱን የሚያነቡት ኃላፊዎች ደስ ቢላቸው አይገርመኝም።)

የመስመር እጥበቱም አለ። ቧንቧው ተከፍቶ ሳለ የገባው ጭቃ በማጠቢያው በኩል ውሃው እስኪጠራ ካልወጣ፣ ወደ ቤት የሚገባው እርሱ ነው። ከእጥበቱም በኋላ የክሎሪኑን ቀሪ መጠን መለካት ያስፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም እንዲሆን ይመክራል። ይህም ቢሆን መስመሩ ውሃ እስኪይዝ ድረስ ሊሠራ አይችልም።

ውሃ በፈረቃ የሚያዳርስ ጽሕፈት ቤት ሁሉንም በአንድ ቀን እንዲያጠናቅቅ መጠየቅ አግባብ አይደለም። ይልቁንም ትዕዛዙ ቡድኑ ሲመለስ ‹‹ተጠግኗል፣ ውሃ ይጠበቃል›› በሚል ደረጃ ይቆይ፤ ፈረቃው በደረሰበት ቀን አንድ ሠራተኛ ጉድጓዱን አይቶ፣ ከዳገቱ ጫፍ ካለ ቤት ቧንቧ ከፍቶ ሲያረጋግጥ ይዘጋ። ከዚያው መስመር በአንድ ወር ውስጥ የሚመጣ ጥቆማም በቀድሞው ቁጥር ሥር ይመዝገብ። አማካይ የመዝጊያ ጊዜው በዚህ አሠራር እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ የቡድኖቹ የሥራ አፈጻጸም በዚያው ቁጥር መመዘኑ ካልቀረ ግን ፎርማኖቹ ይህን ደረጃ ዘልለው በቀጥታ ወደ መዝጋት መሄዳቸው አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
ቀድሞ የመስመር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ