የቀጠሮ መልእክታችሁን በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆንኩ ያውቁኛል፣ የእናቴም ካርድ እናንተው ዘንድ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ከእንግዳ መቀበያችሁ ስልክ ይህ መልእክት ደረሰኝ። አንድም ፊደል ሳልቀይር ነው የጻፍኩት፦

«ሰላም ነገ ዶ/ር ጠዋት አይገቡም 9:00 ይምጡ ደም ባዶ ሆድ»

እባክዎ እንደ ታካሚ ሆነው አንድ ጊዜ ያንብቡት። ማን ነው የሚመጣው? በእኔ ስልክ እናቴም እህቴም ተመዝግበዋል። 9:00 የቱ ነው? የእናቴ ካርድ ላይ የተጻፈው ቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የእንግዳ መቀበያችሁ ኮምፒውተር ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓትን 9:00 ብሎ ነው የሚያሳየው። ታዲያ ቀጠሮው ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? ባዶ ሆድስ እስከ መቼ?

ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሐኪሙ ጠዋት ካልገቡ 9 ሰዓት ማለት ከሰዓት በኋላ መሆን አለበት ብለን ተስማማን። መልእክቱንም እንዳለ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ?» አለችኝ። የተጻፈው እንደዚያ ነው።

እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። ከይርጋለም ነው የምትመጣው። ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እራት በላች። ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዷ ግሊቤንክላማይዷን ዋጠች፣ ቁርስ አልበላችም። ይህ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋል። ሳይበሉ ሲውጡት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መልእክቱ ላይ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል አልነበረም። ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ይዣት ገባሁ። እራት ከበላች 19 ሰዓት አልፏት ነበር። ለጾም የስኳር ምርመራ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይበቃ ነበር።

አግዳሚ ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጠች ላብ አጠመቃት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የምትናገረው ይምታታባታል። አንዲት ነርሳችሁ ሮጣ ጣቷን ወጋቻት። መሣሪያው 52 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ስኳሩ ወርዷል ማለት እንደሆነ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ነርሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ ሰጠቻት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ለካች፣ እስክትረጋጋም ከአጠገቧ አልተለየችም። እግዚአብሔር ይስጣት። ምርመራው ግን በዚያው ቀረ። ስኳር ከጠጣች በኋላ ምን የጾም ምርመራ አለ?

ወደ መቀበያው ሄድኩ። ልጅቷ «ጋሼ፣ ደሙ እኮ ጠዋት ነበር። ጠዋት ሰጥተው፣ በልተው፣ ውጤቱን ይዘው 9 ሰዓት ሐኪሙ ጋ እንዲገቡ ነው የጻፍኩት» አለችኝ። በልቧ ያሰበችው ትክክል ነው። ጥሩ ዝግጅትም ነበር። የጻፈችው ግን ያንን አይደለም።

እርስዎ ቢሮ ገባሁ። የሆነውን ነገርኩዎት። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ወንድሜ፣ ካልገባቸው መጠየቅ ነበረባቸው።» ማንን? የማይነሳውን ስልክ? በር ላይ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። ተቀመጪ የሚል ቃል ከአፍዎ አልወጣም። ይህ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ቃል ገብተውልኝ የነበረ መሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ለእህቴ «ቀጠሮ 12/3» የሚል መልእክት ልካችሁ ነበር። እኛ ኅዳር 12 ብለን መጣን። እናንተ ከኮምፒውተሩ ላይ ወሩን አስቀድማችሁ የጻፋችሁት የፈረንጆች ዲሴምበር 3 ኖሯል። እሱ ደግሞ ኅዳር 24 ነው። ያኔ በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ወንበር ተቀምጠው «ከአሁን በኋላ መልእክቱ ሁሉ ከተዘጋጀ ጽሑፍ ይሄዳል፤ ቀጠሮ ሲቀየር ወይ ሲሰረዝ ደግሞ ደውለን እንናገራለን» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። የተዘጋጀው ጽሑፍ የታለ? የደወለልንስ ማን ነው?

ባለፈው ሐሙስ ይህንን ሳነሳብዎት የሰጡኝ ምክንያት ሂሳብ ነው። በአማርኛ ረጅም ሲጻፍ ክፍያው እጥፍ ይሆናል አሉኝ። እኔም በሥራዬ ለማኅበራችን አባላት መልእክት ስለምልክ ነገሩን አውቀዋለሁ። እውነት ነው፣ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ክፍል እስከ 134 ፊደል ነው። ግን የላካችሁልኝን መልእክት ቆጠርኩት። ክፍት ቦታው ሳይቀር 38 ነው። ግማሽ የሚጠጋው ቦታ ባዶውን ሄዷል። ስለዚህ ችግሩ ሂሳብ አይደለም።

የእናቴ መልእክት እንዴት መጻፍ እንደነበረበት ላሳይዎት። በስሟ ቦታ እገሊት ብያለሁ፦

«የወ/ሮ እገሊት ቀጠሮ ተቀይሯል። ሐሙስ ጥር 21፦ ደም ለመስጠት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይበሉ ይምጡ። ከዚያ ይብሉ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያይዎታል። ስለ መድኃኒትዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ።»

ይህ 120 ፊደል ያህል ነው። በሁለት ክፍል ይገባል። ልጅቷ ያሰበችው ሁሉ አለበት፣ የተጨመረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የተለየው ሁለቱ ጉዳዮች የየራሳቸው ሰዓት ማግኘታቸው ነው። ሳይበሉ የሚለው ከደሙ ሰዓት ጋር ተቀምጧል፣ ስለዚህ ማንም ወደ 9 ሰዓቱ አይወስደውም። «ከዚያ ይብሉ» የምትለዋ አጭር ነገር ብቻዋን እናቴን ታድናት ነበር። «ነገ» የሚለውንም አውጥቼዋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክት አድሮ ሊገባ ይችላል፣ ያን ጊዜ ነገ የሚለው ወደ ሌላ ቀን ይሄዳል። የቀኑና የወሩ ስም አብረው ከተጻፉ ግን አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። 12/3 ላይ ይህ ቢኖር እህቴ በከንቱ አትመጣም ነበር።

ኪኒኑ ይዋጥ አይዋጥ የሚለውን ልጅቷ ትወስን አልልም። ያ የሐኪሙ ሥራ ነው፣ ቀጠሮ ሲሰጡ ካርዱ ላይ ይጻፉት። መልእክቱ የሚያስፈልገው ሰው የሚጠይቅበትን ስልክ ነው። ስልኩም መነሳት አለበት።

ሐኪሙ ጨርሶ የማይገቡ ከሆነስ? እስካሁን የምትልኩት «ዶ/ር የሉም» የሚል ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ሐኪም ያየኝ ይሆናል ብሎ ይመጣል፤ ሲመጡም አይቻለሁ። እንዲህ ቢሆን፦

«ተሰርዟል፦ የወ/ሮ እገሊት የሐሙስ ጥር 21 ቀጠሮ። አይምጡ። አዲስ ቀን ለመያዝ በዚህ ስልክ ይደውሉ።»

64 ፊደል ነው። በአንድ መልእክት፣ በአንድ ሂሳብ ይሄዳል። ተሰርዟል የሚለው ፊት የመጣው በምክንያት ነው። ስልክ ሳይከፈት የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ሰላምታውና ይቅርታው ፊት ከሆኑ ዋናው ነገር ተደብቆ ይቀራል፣ ሰውየው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያነበው። «አይምጡ» የሚለውም ሸካራ መስሎ ቢታይዎት አያውጡት። ከይርጋለም ለሚነሳ ሰው ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም። ምሽት ላይ የተሰረዘ የማግስት ቀጠሮ ግን ጽሑፍ ብቻውን አይበቃውም። ይደወል። ቃል የገቡትም ይህንኑ ነበር።

ለተራ ማረጋገጫም «የወ/ሮ እገሊት ቀጠሮ ሐሙስ ጥር 21 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካልተመቸዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» ይበቃል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ ወይም ከሰዓት በኋላ ተብሎ። ሁለት ነጥብ ያለበት የኮምፒውተር ሰዓት እንደተገለበጠ አይላክ።

ካነሳሁት አይቀር አንድ ሌላም አለ። ባለፈው ክረምት የእህቴ የማህፀን ምርመራ ውጤት መድረሱን ከነምርመራው ስም ጽፋችሁ ላካችሁ። የተላከው በእኔ ስልክ ነው። ወንድሟ ነኝ፣ ግን ልትነግረኝ የምትፈልገው እሷ እንጂ እናንተ አልነበራችሁም። «ውጤትዎ ደርሷል፣ ይምጡ» ማለት ምን ያንሰዋል? በመልእክት ላይ የበሽታም የምርመራም ስም አይጻፍ። ስልክ በየቤቱ ከእጅ እጅ ይዞራል።

ልጅቷን እንድትቀጧት አይደለም የምጽፈው። ካርድ ታወጣለች፣ ገንዘብ ትቀበላለች፣ ሰው ታስተናግዳለች፣ በመሃል በአንድ እጇ መልእክት ትጽፋለች። ስምና ቀን ብቻ የምትሞላበት ጽሑፍ ቢሰጣት በደቂቃ ትጨርሰው ነበር። ያንን መስጠት የእርስዎ ሥራ ነው።

ስለዚህ የእናቴ ምርመራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደገም፣ የሐሙሱ የካርድና የምርመራ ገንዘብም እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ለእናቴ በስልክ ይቅርታ ይጠይቁልኝ፣ እርስዎ ራስዎ እንጂ ልጅቷ አይደለችም። ከላይ የጻፍኳቸውን መልእክቶች ወይም ከእነሱ የተሻሉትን መቀበያው ላይ ለጥፋችሁ መጠቀም መጀመራችሁንም በጽሑፍ አሳውቁኝ። የቃል ተስፋ ከእንግዲህ አልቀበልም። እስከ የካቲት 6 መልስ ካላገኘሁ ይህንን ደብዳቤ ከመልእክቶቹ ፎቶ ጋር ለከተማው ጤና መምሪያ አስገባለሁ። የእናቴን ካርድም ወደ ሌላ ክሊኒክ የማዞረው ያኔ ነው። የሕክምና ማህደሯን ሙሉ ቅጂ አዘጋጅታችሁ እንድትጠብቁኝ ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ልጅ