ደብዳቤ ለልጄ፦ አንዷ ካርድ ላይ ስንት ቀረህ?

ልጄ፣ ትናንት በስልክ «ዛሬ የ500 ብር የሞባይል ካርድ ሸጥኩ» ስትለኝ ደስ አለኝ፤ «ስንት ቀረህ?» ስልህ ግን ዝም አልክ። የሸጥከው ሌላ፣ የቀረህ ሌላ ነው አቦ።

አከፋፋዩ 5 ከመቶ ይቀንስልሃል እንበል። ባለ 5 ብሯ ካርድ በ4 ብር ከ75 ሳንቲም ትገባልሃለች፤ ስትሸጣት 25 ሳንቲም ትቀርሃለች። ባለ 100ዋ ደግሞ 5 ብር። በመቶኛ እኩል ናቸው፣ ግን ያቺን 5 ብር በትንንሹ ለማግኘት 20 ካርድ መሸጥና 20 ጊዜ መልስ መፈለግ አለብህ። ቢሆንም ባለ 5ቷን መተው አትችልም፣ ሳቢያን ላይ ከሱቅህ ፊት የሚቆመው ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው እሱ ነዋ።

አሁን ባጃጁን አስብ። ባለ 5ቷን 100 ካርድ በ475 ብር ገዝተህ ሁሉንም ብትሸጥ ትርፍህ 25 ብር ነው። ከዚራ አከፋፋዩ ጋ ደርሶ መልስ 20 ብር ከከፈልክ 5 ብር ቀረህ፣ በካርድ 5 ሳንቲም! በዚያው ጉዞ 400 ካርድ በ1,900 ብር ብታመጣ ግን ከ100 ብሩ ላይ ባጃጁ ሲወጣ 80 ይቀራል፣ በካርድ 20 ሳንቲም ማለት ነው። ታዲያ ሱቁን ባዶ አድርገህ ካርድ አትከምር። 1,900 ብሩ ካርድ ሆኖ ሳምንት ከተቀመጠ ስኳርና ዘይት የምታስገባበት ገንዘብ ታሰረ ማለት ነው። በ2 ቀን ከሚያልቀው ብዙም አትለፍ።

ዱቤ ላይ ግን እባክህ ጨክን። «ነገ እሰጥሃለሁ» ብሎ አንዲት ባለ 5 ካርድ የወሰደ ሰው ከጠፋ የጠፋብህ 4 ብር ከ75 ነው፤ እሱን ለመመለስ 19 ካርድ በነፃ ትሸጣለህ። ስኳር ላይ ያለው ዱቤ እንኳ እንዲህ አይጎዳም። ባለ 5ቷን በ6 ብር ላካክስ እንዳትል ደግሞ፣ ዋጋው ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ደንበኛው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይሄዳል።

ማታ ማታ ያልተሸጡትን ካርዶች በላያቸው በተጻፈው ዋጋ ቁጠርና የካርዱን ብር ደምርበት። በ500 ብር ካርድ ከጀመርክ ድምሩ 500 መሆን አለበት። 490 ከመጣ ሁለት ባለ 5 ካርድ የት እንደገባ ያኔውኑ ፈልግ፣ ሲያድር አታስታውሰውም። ለዚህ የካርዱን ገንዘብ ለብቻው ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው፣ ከዳቦው ጋር ከተቀላቀለ ሂሳቡ ጠፋ።

ካርዱን ራስህ ፍቀህ አትስጥ። በጥፍር ወይም በሳንቲም በኃይል ሲፋቅ ቁጥሩ አብሮ ይላጣል፣ ጣጣውም ያንተ ይሆናል። የተፋቀ ካርድ ይዞ «አልሞላም» የሚልህ ካለ *805* ብሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበ ያስገባና መጨረሻ ላይ # አድርጎ ፊትህ እንደገና ይሞክር፤ አብዛኛውን ጊዜ 3ና 8 ተምታተውበት ነው።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ቅዳሜ ስትመጣ ደብተሩን ይዘህ ና፣ አብረን እንየው።

አባትህ