ቤተሰብ ተቆጠረ፣ ሰውስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ቀድሞ ከተሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ የየከተማው የሕዝብ ብዛት በአኃዝ ሰፍሯል፤ አኃዞቹ እንዴት እንደተገኙ ግን አልተገለጸም። ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የታሪክ ምሁራን የሚይዙት ለሌላ ጉዳይ የተመዘገበ ነገር ነው፦ የግብር ከፋዮች ዝርዝር፣ የጥምቀት መዝገብ፣ የቀብር መዝገብ። ይህን በአንድ አማካይ አባዝተው ወደ ሰው ቁጥር ይለውጡታል፤ ዋናው ችግር ያለውም በማባዣው ላይ ነው።

የለንደንን ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዝ የመጀመሪያውን ቆጠራ ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ1801 ነው፤ የከተማዋ አጥቢያዎች ግን ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የሟቾችን ቁጥር በየሳምንቱ ያሳትሙ ነበር። ጆን ግራውንት የተባለው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ጥናት ከዚህ መዝገብ ተነሣ። ወረርሽኝ በሌለበት ዓመት ወደ 13,000 ሰው ይቀበራል፤ የጥምቀት መዝገቡ ስለጎደለበት ውልደቱን ከቀብሩ ጥቂት አሳንሶ 12,000 አደረገው። አንዲት እናት በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ፣ የሚወልዱት ሴቶች 24,000 ይሆናሉ፤ ቤተሰቡ የዚያ እጥፍ ነው ብሎ 48,000 አገኘ። በአንዳንድ አጥቢያዎች ደግሞ ከ11 ቤተሰብ በዓመት 3 ሰው እንደሚሞት ተመልክቶ ቢያሰላ ያው 48,000 ገደማ ሆነ፤ በካርታ ላይ በከተማዋ ቅጥር ውስጥ ያሉትን ቤቶች ጥግግት ለክቶ፣ በቀብር መዝገቡ ድርሻ መሠረት ወደ መላ ከተማዋ ሲያሰፋውም ወደዚያው ደረሰ። በመጨረሻ ባል፣ ሚስት፣ ሦስት ልጆችና ሦስት አገልጋዮች ወይም ተከራዮች ብሎ በ8 አባዛና 384,000 ሰው አለ።

የሦስቱ ስሌት መግጠም ያሳምናል፤ ነገር ግን ሦስቱም በዚያው የቀብር መዝገብ ላይ የቆሙ ናቸው፣ 8 የሚለውን ማባዣም አንዳቸውም አይፈትኑትም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝን ሕዝብ ብዛት የገመተው ግሪጎሪ ኪንግ በከተማዋ ቅጥር ውስጥ ለአንድ ቤት የወሰደው አማካይ 5.4 ሰው ሲሆን፣ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ቤትና ቤተሰብ አንድ ባይሆኑም (በአንድ ቤት ሁለት ቤተሰብ ሊኖር ይችላልና) ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ 48,000 በ5.4 ሲባዛ 259,200 ብቻ ነው።

የትኛው ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ለመመርመር ወደ ሟቾቹ መመለስ ይቻላል። በ384,000 ሕዝብ መካከል 13,000 ሰው ከሞተ፣ ከሺህ ሰው 34 ያህሉ ሞተ ማለት ነው፤ ሕዝቡ 259,200 ከሆነ ግን ከሺህ 50 ይሆናል፣ ይህም ወረርሽኝ ለሌለበት ዓመት እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ 8 ቢበዛም 5.4 ደግሞ ሳያንስ አይቀርም። ከዚህ ሌላ መዝገቡ የሚይዘው በይፋዊው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተቀበሩትን ስለነበር ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ክርስቲያኖች የነበሩት የኩዌከሮችና የአይሁድ ሟቾች በአብዛኛው ቀርተውበታል፤ እነርሱ ሲጨመሩ በየትኛውም ማባዣ የሚገኘው የሕዝብ ግምት ከፍ ይላል።

ወደፊት እንዲህ ያለ አኃዝ ስታትሙ፣ ምን እንደተቆጠረና በስንት እንደተባዛ ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ግምት ጋር አብራችሁ እንድትጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የታሪክ አንባቢ