የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ 127 ከ128 በልጦ የተገኘበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ሥራ ነው። ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር የሬዚስተር መሰላል ሠራን። በታኅሣሥ አራት ቢት፣ በመጋቢት ደግሞ ስምንት ቢት። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚሆን አንድ የሁለትዮሽ አኃዝ ነው። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ነገር ነው ይህን ዘገባ እንድጽፍ ያደረገኝ።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እግሮቹ ላይ የሚያወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ 5 ቮልት ወይ ዜሮ። ድምፅ ለማውጣት ግን መሐል ያሉት ቮልቴጆችም ያስፈልጋሉ። መሰላሉ ይህን የሚያደርገው በሁለት ዓይነት ሬዚስተር ብቻ ነው። አንዱ 10 ኪሎ ኦም ነው፣ ሌላው የእሱ እጥፍ፣ 20 ኪሎ ኦም። ከእያንዳንዱ የአርዱዊኖ እግር አንድ 20 ኪሎ ኦም ይወጣል። እነዚህ የሚገቡባቸው መገናኛዎች እርስ በርሳቸው በ10 ኪሎ ኦም ይያያዛሉ። ጭራው ላይ አንድ ትርፍ 20 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ዜሮ ቮልት፣ ይወርዳል። ውጤቱ የሚነበበው በሌላኛው ጫፍ፣ ትልቁ ቢት በሚገባበት መገናኛ ላይ ነው።

የመሰላሉ ውበት ያለው እጥፍነቱ ላይ ነው። ከጭራው ጀምረን እንቁጠር። ሁለት 20 ኪሎ ኦሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ 10 ይሆናሉ። ቀጣዩ 10 ሲጨመር እንደገና 20። ይህ 20 ከሚቀጥለው ቢት 20 ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ደግሞ 10። መሰላሉ የቱንም ያህል ይርዘም፣ እያንዳንዱ መገናኛ ከኋላው የሚያየው ሁልጊዜ 20 ኪሎ ኦም ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ግማሹ ከራሱ ቢት፣ ግማሹ ከኋላው ካለው ጭራ ይመጣል። ትልቁ ቢት የ5 ቮልትን ግማሽ ይሰጣል፣ ተከታዩ ሩቡን፣ ከዚያ የሚቀጥለው ስምንተኛውን።

ስሌቱም ከዚህ ይወጣል። በአራት ቢት 16 ኮዶች አሉ፣ ከ0 እስከ 15። ውጤቱ 5 ቮልት በ16 ተካፍሎ በኮዱ ይባዛል። ኮዱ 1011 ቢሆን 8 እና 2 እና 1 ተደምረው 11 ይሆናሉ።

```
5 × 11 ÷ 16 = 3.4375
```

በታኅሣሥ ልጆቹ ብሬድቦርድ ላይ የሠሩት ይህንን ነበር። ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ። 20 ኪሎ ኦም አልነበረም፤ ባለሱቁ 22 ኪሎ ኦም አቀረበልኝና ተቀበልኩ። ብዙ ሱቅ ያለው የሬዚስተር ስብስብ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22 እያለ ነው የሚሄደው፤ 20 በውስጡ የለም። 10 በመቶ ልዩነት ለትምህርት ቤት ሥራ ብዙ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

መሰላሉም ሠራ። ኮድ 11 ሲሰጠው መልቲሜትሩ 3.41 አነበበ። ከ3.44 ጋር ምን ያህል ይራራቃል? ሁላችንም ደስ አለን። ኮዱን ከ0 ወደ 15 አንድ በአንድ ስንጨምር ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። ልጆቹ በደብተራቸው ግራፉን ሣሉ፤ ደረጃው ያምራል። ዛሬ ያንን ደብተር ስገልጥ ስህተቱ እዚያው ተቀምጦ አየዋለሁ። ኮድ 7 ላይ 2.24፣ ኮድ 8 ላይ 2.42 ተጽፏል። መሆን የነበረበት 2.19 እና 2.50 ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 0.31 ቮልት ገደማ መሆን ሲገባው ይህኛው 0.18 ብቻ ነው። ግማሽ ማለት ይቻላል። ግን ደረጃው ስለወጣ ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም ጭምር።

በመጋቢት ወደ ስምንት ቢት ገባን። አሁን 256 ኮዶች አሉ፣ አንዷ ደረጃ 0.0195 ቮልት ናት። በተመሳሳይ ሬዚስተሮች ሠራነው። የሳይን ሞገድ ቁጥሮች ጭነን፣ ውጤቱን በካፓሲተር በኩል የራሱ ማጉያ ባለው የኮምፒውተር ስፒከር አዳመጥን። (ማጉያ የሌለው የ8 ኦም ስፒከር በቀጥታ ሞክረን ነበር፤ ዝም አለ። የመሰላሉ መውጫ እንደ 10 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለ8 ኦም የሚተርፈው ቮልቴጅ ከሺህ አንድም አይሞላም።) ድምፁ ወጣ፣ ግን ይሻክራል። እንደ ዋሽንት ጥርት ማለት ሲገባው የተቀደደ ስፒከር ይመስላል።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ጠረጠርን። ከዚያ የላሉ ሽቦዎችን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ሌላ ሐሳብ አመጣች። «ቲቸር፣ ድምፁን እንተወውና ልክ እንደ ታኅሣሡ ኮዱን በቀስታ እንቁጠር» አለች። ቆጠርን። እስከ 127 ድረስ መልቲሜትሩ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። 128 ላይ ወረደ። እሷ ያነበበችውን ጓደኛዋ አላመናትም፤ ስለዚህ ሁለቱን ኮዶች ብቻ የሚያቀያይር አጭር ፕሮግራም ጻፉ።

```
void setup() {
  DDRD = 255;
}
void loop() {
  PORTD = 127;
  delay(5000);
  PORTD = 128;
  delay(5000);
}
```

በየአምስት ሰከንዱ መልቲሜትሩ 2.55፣ 2.42፣ እንደገና 2.55 ይላል። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ቮልቴጁ በ0.13 ይወድቃል። ይህ የሰባት ደረጃ ያህል ውድቀት ነው። የሳይን ሞገዱ ደግሞ በመሐሉ ባለፈ ቁጥር ይህን ጉድጓድ ይረግጣል። የሚሻክረው ድምፅ እሱ ነበር።

ለምን 127 ላይ? ልጆቹ ሁለቱን ኮዶች በሁለትዮሽ ቦርዱ ላይ ሲጽፏቸው ታየ። 127 ማለት 01111111 ነው፣ 128 ደግሞ 10000000። ሰባቱ ትናንሽ ቢቶች በአንዴ ይጠፋሉ፣ ትልቁ ብቻውን ይበራል። በእህል ሚዛን አስቡት። በአንድ በኩል 128 ኪሎ ተብሎ የተጻፈበት አንድ ድንጋይ አለ። በሌላው በኩል 64፣ 32፣ 16 እያሉ የሚወርዱ ሰባት ድንጋዮች፤ ድምራቸው 127። ትልቁ ድንጋይ በትንሹ ከቀለለ፣ ወይም ሰባቱ በትንሹ ከከበዱ፣ 127 ከ128 ይበልጣል። በሌላ ኮድ ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ ልውውጥ የለም። ስለዚህ መሰላል ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚታየው መሐሉ ነው። ከዚያ 63 ወደ 64፣ እና 191 ወደ 192።

በእኛ መሰላል የትልቁ ቢት ሬዚስተር 22 ኪሎ ኦም ነው። ከኋላው ያለው ጭራ ግን 22 አይሆንም። አገናኞቹ 10 እንደሆኑ ስለቀሩ ጭራው 20.65 ኪሎ ኦም ላይ ይረጋል። እጥፍነቱ ፈረሰ ማለት ነው። የትልቁ ቢት መንገድ መቋቋም ከጭራው መንገድ በ6.5 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ትልቁ ቢት ድርሻው ያንሳል፣ የትናንሾቹ ድርሻ ይበዛል።

አሁን የታኅሣሡም ምሥጢር ተፈታ። የትልቁ ቢት ሬዚስተር ከጭራው ምን ያህል ቢበልጥ ነው ደረጃው የሚወድቀው? ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆን፣ በአራት ቢት ገደቡ አንድ ሰባተኛ ነው፣ ወደ 14 በመቶ። በስምንት ቢት ግን አንድ መቶ ሃያ ሰባተኛ፣ ከ0.8 በመቶ በታች። የእኛ 6.5 በመቶ በአራት ቢት ተደብቆ አለፈ፤ በስምንት ቢት ወጣ። ልጆቹን በጣም ያስገረማቸው ሌላም ነገር አለ። 1 በመቶ ተብሎ የሚሸጠው ጥሩ ሬዚስተርም ቢሆን ለዚህች አንድ ደረጃ ዋስትና አይሆንም። የትልቁ ቢት ሬዚስተር በ1 በመቶ ቢበልጥ 127 ላይ 2.493፣ 128 ላይ 2.488 ይወጣል። ትንሽ ነው፣ ግን ይወርዳል።

ልጆቹ ያመጡትን መፍትሔ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። 20 ኪሎ ኦም ፍለጋውን ተዉት። ሁሉንም በ10 ኪሎ ኦም ብቻ ሠሩት፤ እጥፍ በሚያስፈልግበት ሁለቱን በተከታታይ አያያዙ። ስምንቱ ቢቶችና የጭራው ትርፍ ዘጠኝ እጥፎች ናቸው፣ 18 ሬዚስተር። ሰባት አገናኞች ሲጨመሩ 25። 40 ገዛን፣ ከአንድ ጥቅል። ከዚያ ሁለት ከሰዓት በኋላዎች ሙሉ መለኪያ ላይ ተቀመጡ። እያንዳንዱን ሬዚስተር ለክተው ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጠፉት፣ አጠገቡም ቁጥሩን ጻፉ። 9.87፣ 9.91፣ 9.84 እያለ ይቀጥላል።

አንዱ ልጅ እዚህ ላይ ተጨነቀ። «የእኛ መልቲሜትር ራሱ ቢሳሳትስ? ደግሞ ሁሉም ከ10 ያንሳሉ።» ጥያቄው የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ነበር። መልሱ፣ ለመሰላሉ ግድ የሚሰጠው የሬዚስተሮቹ ንጽጽር ነው። ሁሉም እኩል 2 በመቶ ቢያንሱ ውጤቱ ንቅንቅ አይልም። መልቲሜትሩም በሁሉም ላይ እኩል ከተሳሳተ ማመዛዘኑን አያበላሽም። የሚጎዳው አንዱ ከሌላው ሲለይ ነው፤ በተለይ ላይኛው ቢት ላይ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ገደቡ በእጥፍ ይላላል። ስለዚህ እርስ በርስ የተቀራረቡትን ለላይኞቹ ሦስት ቢቶችና ለአገናኞቻቸው መደቡ። የተራራቁትን ወደ ጭራው ወረወሯቸው።

የትልቁን ቢት ጥንድ ግን በመጨረሻ ነው የመረጡት። መጀመሪያ የቀረውን መሰላል ሠርተው ጨረሱ። የሰባቱን ቢቶች ጫፎች ሁሉ ግራውንድ ላይ አሠሩ። ከዚያ ጭራውን ከነአገናኙ ለኩት፤ 19.81 ኪሎ ኦም። ከወረቀቱ ላይ ድምራቸው ወደዚያ የሚቀርብ ጥንድ ፈለጉ። 9.87 እና 9.91 ተገኙ፤ 19.78። ልዩነቱ 0.15 በመቶ ነው።

ሬዚስተሮቹን ትልቅ የመረጥነውም በምክንያት ነው። የአርዱዊኖው እግር ራሱ ወደ 30 ኦም ገደማ የውስጥ መቋቋም አለው። እጥፉ 20 ኪሎ ኦም ሲሆን 30 ኦም ከ0.2 በመቶ በታች ነው። በ1 እና በ2 ኪሎ ኦም ብንሠራው ኖሮ 1.5 በመቶ ይሆን ነበር፣ የለካነው ሁሉ ከንቱ።

በግንቦት መጀመሪያ ያቺው ፕሮግራም እንደገና ተጫነች። 127 ላይ 2.48። ልጆቹ መልቲሜትሩን ከበው አምስቱን ሰከንድ ጮክ ብለው ቆጠሩ። 128 ላይ 2.50። ከዚያ 63 እና 64፣ 191 እና 192 ተፈተሹ፤ ሁሉም ወጡ። ስፒከሩን ስንሰካ ሻካራው ድምፅ የለም።

ሁለቱም መሰላሎች ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ልጆቹ እንዲፈታ አልፈለጉም። ቀይ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ የተቀቡት ሬዚስተሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፍ የተለጠፈ ወረቀት አለ፦ «127 = 2.55፣ 128 = 2.42»።