ሚጣዬ፣ መርፌ አታስነኪው

ሚጣዬ፣

ወንድምሽ ከአዳማ ሲመለስ የጣትሽን ፎቶ አሳየኝ። "አባዬ፣ እንዳትቆጣት" ብሎ አስቀድሞ ለመነኝ። አልቆጣም አልኩት፤ ግን ስደውልልሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ መዝጋትሽ አናዶኛል። ጥፍሩ ዳር ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ያብረቀርቃል። ሌሊት እየጠዘጠዘሽ እንቅልፍ እንደሚነሳሽም ነግሮኛል። ፀጉር ቤት አብራሽ የምትሠራው ልጅ ደግሞ "በመርፌ ወጋ አድርጌ ላፍርጥልሽ" ብላሻለች አሉ። ለእሷ ምስጋና ይግባት፤ አንቺ ግን መርፌ አታስነኪው።

መጀመሪያ ቀለበቱን አውልቂ። የአያትሽ ቀለበት እዚያው ያበጠው ጣት ላይ ነው ያለው። እብጠቱ ወደ ታች ከወረደ አይወጣም፤ ጣትሽንም ያንቃል። ሳሙና ቀቢና እያዞርሽ ሳቢው። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አድርጊው።

ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጥፍር መብላትሽን አልተውሽም። በልጅነትሽ እናትሽ ሬት ትቀባልሽ ነበር፤ አንቺ ሬቱን ልሰሽ ትጨርሺውና ወደ ጥፍሩ ትመለሻለሽ! ጥፍሩ ጥግ የምትላጠውን ቀጭን ቆዳ በጥርስሽ ስትጎትቺ በር ትከፍቻለሽ፤ ቆዳ ላይ ያለው ጀርምም የአፍሽም ጀርም በዚያው ይገባል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው ፀጉር ስታጥቢ በሻምፖና በውሃ የራሰው ቆዳ ይላላል፣ ያችን በር መዝጋት ያቅተዋል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ለብ ያለ ውሃ በኩባያ ያዢ። ሙቀቱን በደህናው እጅሽ ሞክሪው፤ የማያቃጥል ግን ደስ የሚል ሙቀት ይሁን። ጣትሽን 15 ደቂቃ ያህል ንከሪው፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሙቅ ጨምሪበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚው። ጨው ብትጨምሪበት አይጎዳም፣ ዋናው ሥራ ግን የሙቀቱ ነው። ስትጨርሺ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ጥፍሩ ሥር ርጥበት እንዳይቀር። ስትቀመጪም ስትተኚም እጅሽን ከፍ አድርጊው፣ መጠዝጠዙ ይቀንሳል። ነጭ ሽንኩርት ደቁሰሽ እንዳታስሪበት፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ከፋርማሲም አሞክሲሲሊን ገዝተሽ እንዳትውጪ። ለእንዲህ ያለ ጣት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም፤ መግል ከቋጠረ ደግሞ ኪኒን መግሉን አያወጣውም።

መግል መቋጠሩን እንዴት ታውቂያለሽ? መብራት ሥር ቁጭ በይና ያበጠውን ጣትሽን ሆድ ከአውራ ጣትሽ ጋር ቀስ አድርገሽ አጫኚው። ጥፍሩ ዙሪያ ያለው ቅላት ለአፍታ ይነጣል። መግል ካለ ከዚያ መሃል ድንበሩ የለየ፣ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ቦታ ብቅ ይላል። ስትነኪውም እንደ ውሃ ከረጢት ይላወሳል። ቅላትና እብጠት ብቻ ከሆነ ገና ነው፣ መንከሩ ሊመልሰው ይችላል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም ያ ቢጫ ነገር ከታየሽ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመርፌ አይደለም አልኩሽ፤ ጤና ጣቢያ!

እዚያ የሚሠሩትን ልንገርሽና አትፍሪ። አስፈላጊ ከሆነ የጣትሽን ሥር ወግተው ያደነዝዙታል። ከዚያ ጠፍጣፋ መሣሪያ በጥፍሩና በቆዳው መሃል፣ ከጥፍሩ ጋር ትይዩ አድርገው ያስገቡና ቆዳውን ቀና ያደርጉታል። መግሉ በራሱ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቆዳውን መቅደድም አያስፈልግም። መግሉ ጥፍሩ ሥር ከገባ የጥፍሩን ጥግ ትንሽ ይቆርጣሉ። ሕመሙ ወዲያው ነው የሚቀልልሽ። ከዚያ በኋላም መንከሩን ትቀጥያለሽ። ጤነኛ ሰው ከሆንሽና መግሉ በደንብ ከወጣ ኪኒን ላያስፈልግ ይችላል። ያቺ ልጅ በመርፌ ብትወጋው ግን ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ መግሉ አይወጣም፣ ጀርሙ ወደ ውስጥ ይገፋል። ደግሞ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ተሰብስበው ካየሽ ያ ሌላ በሽታ ነው። ቫይረስ ነው፣ ከሩቅ መግል ይመስላል። እሱን ጨርሶ አይቆርጡትም። እኔ እንኳ ዕድሜዬን ሙሉ ቁስል ስጠርግ ኖሬ ሁለቱን ለመለየት አተኩሬ ነበር የማየው።

የምትቀልጂበት አይደለም፣ ሚጣዬ። ከጥፍሩ በተቃራኒ ያለው ለስላሳው የጣትሽ ጫፍ ከተወጠረና ከጠነከረ፣ ጣትሽ ሙሉ አብጦ ስትዘረጊው የሚያስጮኽሽ ከሆነ፣ ቀይ መስመር ወደ ክንድሽ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ነጋ አልነጋ አትበዪ።

አሞራ ገደል ዓሣ ትልጥ የነበረችውን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ የምንገዛት። እሷም ጣቶቿ ያብጡ ነበር፤ የእሷ ግን እንዳንቺ ድንገት አልመጣም፣ ለወራት የቆየ ነው። ጥፍሩ ሥር ያለው ቀጭን ክር መሳይ ቆዳ ጠፍቶ፣ ቆዳው ከጥፍሩ ተላቆ፣ ጥፍሮቿ አግድም ተሸንትረው ነበር። ጎረቤት በመርፌ ወጋ ያደርግላታል፣ ደም ብቻ ይወጣል። መግል የለማ! ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ እንዲህ ያለ እብጠት የሚመጣው ከውሃና ከሳሙና ነው፣ ፈንገሱ በኋላ ነው የሚጨመረው። መድኃኒቱም ማድረቅ ነው፣ ሐኪም የሚያዘው ቅባት ከዚያ ይከተላል። "እጅሽን ከውሃ አርቂ" ስላት "እጄ ደርቆ ልጆቼ ምን ይበላሉ?" አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሰጣት ጓንት እንኳ አልነበረም፣ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ እህቷ መላጡን ወሰደችላት፣ እሷ መጥበሻው ጋ ቆመች። ወራት ፈጅቶ ጣቷ ተመለሰ። እናትሽ "ዓሣው ግን እንደ ድሮው አይጣፍጥም" ትል ነበር፣ የእናትሽን ነገር ታውቂዋለሽ።

ያንቺ ዛሬ የዚያች ሴትዮ አይነት አይደለም። እንዲያ እንዲሆን ግን መንገዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ጣትሽ እስኪድን ፀጉር አታጥቢ። የፀጉር ቤቱን ባለቤት "ካስክ መደርደር፣ ፎጣ ማጠፍ፣ ፀጉር መጠቅለል እችላለሁ" በያት። እምቢ ካለችሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ እደውልላታለሁ። ሲሻልሽም የጎማ ጓንት አድርጊ፣ ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ልበሺ። ጎማው ብቻውን እጅሽን ያልበውና ያው ርጥበት ነው። ጥጡ ሲርስ ቀይሪው። ጥፍር ስታሠሪ ደግሞ ጥፍርሽ ሥር ያለውን ቆዳ እንዳይገፉብሽ፣ እንዳይቆርጡብሽም፤ ክዳንሽ እሱ ነው። ጥፍርሽንም አትብዪ፣ ትልቅ ሰው ሆነሻል እኮ!

የጓንት ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ ለሌላ እንዳታውዪው። ነገ ማታ ከነከርሽው በኋላ መብራት ሥር ሁለት ፎቶ አንሺ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን። የደህናውን እጅ ተመሳሳይ ጣትም አጠገቡ አድርጊ፣ ማነጻጸር እፈልጋለሁ። መርፌ የነካው መስሎ ከታየኝ በማግስቱ አዳማ ነኝ።

አባትሽ