ሽምግልናው ላይ ከመፈረምዎ በፊት ኢንሹራንስዎን ያናግሩ

ለአዘጋጁ፦

ጎንደር ውስጥ ሁለት መኪና ሲነካካ ትራፊክ ከመጠራቱ በፊት ሽማግሌ ይጠራል። ነውር የለውም፣ የኖርንበት ነው። እኔ ግን አዘዞ ጋራዥ አለኝ። የእርቁ ትርፍራፊ ተጎትቶ የሚመጣው እኔ ግቢ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

የቅርቡን ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛዬ ቪትዙን ይዞ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርድ ባጃጅ ከቅያስ ዘሎ ገባበት። ባጃጁ የሦስተኛ ወገን ስቲከር የለውም። ሹፌሩ ለአፍታ ሊያመልጥ ሲል ሰው ያዘው። ከዚያ አጎቶቹ መጡ። “ልጅ ነው፣ ባጃጁም የሰው ነው፣ በእግዚአብሔር” ተባለ። ደንበኛዬ 15,000 ብር ተቀበለና “ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም አልጠይቅም” የሚል ወረቀት ፈረመ። ትራፊክ ፕላን አላነሳም።

ከውጭ ሲታይ የተጎዳው ፓራውልቱና አንድ ፍሬቻ ነበር። ስንፈታው ራዲያተሩ ተቀዷል፣ እሱን የያዘው ብረትም ተጣሟል። ሂሳቡ 90,000 ብር ገባ። ሰውዬው አልደነገጠም፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ኢንሹራንሱ ግን አልከፍልም አለ።

ደንበኛዬ “በየዓመቱ እየከፈልኩ!” ብሎ ተናደደ። ብስጭቱ ይገባኛል፣ ሕጉ ግን ከኩባንያው ጋር ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው መኪናውን ሌላ ሰው ቢገጭበት የራሱ ኩባንያ ያሠራለታል። ከፍሎ ሲያበቃ በእሱ ቦታ ተተክቶ ገጪውን ይጠይቃል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን መብት ለመድን ሰጪው ይሰጣል። ባለመኪናው ይህን መብት የሚያጠፋ ነገር ካደረገ ደግሞ ኩባንያው በሙሉም ሆነ በከፊል ከመክፈል ነፃ ሊሆን ይችላል ይላል። “ምንም አልጠይቅም” ብሎ የፈረመ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የኩባንያውንም ጥያቄ ነው የዘጋው። ገጪው ኢንሹራንስ ስለሌለው “ከእሱ ምን ይገኛል” ብለን እንፈርማለን። ከእሱ የሚገኘውን የመፈለጉ ጣጣ ግን የኩባንያው ነበር።

ገጭቶ ያመለጠ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሚታረቁት ሰው የለም፣ የሚፈረም ወረቀትም የለም። እዚህ ላይ ሙሉ ኢንሹራንስ ይሠራል፤ ገጪው ባይታወቅም የመኪናዎን ጉዳት ይሸፍናል። የሚያስቸግረው ማስረጃ ነው። አራዳ አቁመውት አድረው ጠዋት በሩ ተጨፍልቆ ካገኙት መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ትራፊክ ይጥሩና ፕላን ያስነሱ። የሌላው መኪና ቀለም በሩ ላይ ቀርቶ ከሆነ ፎቶ ያንሱት፣ አያጥቡት። ለኩባንያው በ5 ቀን ውስጥ ያሳውቁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ እየመጣ “አንተ ሥራው፣ እነሱ በኋላ ይከፍላሉ” ይለኛል። መርማሪያቸው ሳያየው የተፈታ መኪና ደግሞ ራሱ ጭቅጭቅ ነው።

ያም ሆኖ ሁሉንም አይከፍሉም። ኤክሰስ የሚባለው የመጀመሪያው ድርሻ ከኪስዎ ይወጣል። ገጪው ቢያዝ ከእሱ ሊጠየቅ የሚችል ገንዘብ ነው፤ ካመለጠ ግን ቀረ። ካሳ ባለመጠየቅዎ ሲያገኙት የነበረው የአረቦን ቅናሽም ጥፋቱ የእርስዎ ባይሆንም ሊቋረጥብዎ ይችላል።

ሦስተኛ ወገን ብቻ ያላችሁ ደግሞ (አብዛኛው ደንበኛዬ እንዲህ ነው) ስለ ራሳችሁ ላሜራ ከኩባንያችሁ ምንም አትጠብቁ። ያ ውል እናንተ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። “መንግሥት የመድን ፈንድ አለው አይደል?” የሚለኝ አለ። አለው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ገጭቶ በጠፋ ወይም ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለደረሰ ሞትና የአካል ጉዳት ካሳ ይከፍላል። ለተጨፈለቀ በር አይከፍልም። ስለዚህ ባጃጁ እግራችሁን ሰብሮ፣ መኪናችሁንም አጣሞ ቢሄድ ለእግሩ ፈንዱ ጋ ትሄዳላችሁ፤ መኪናው በራሳችሁ ሂሳብ ነው። ለእግሩም ቢሆን የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ሽምግልናው ይቅር አልልም። ሽማግሌዎቻችንን የምለምነው ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት “ሙሉ ኢንሹራንስ አለህ ወይ?” ብለው እንዲጠይቁ ነው። ካለው መጀመሪያ ለኩባንያው ይደወል። ቂሙ እዚያው ይለቅ፣ ይቅርታውም ይባል፤ ስለ መኪናው ጉዳት ግን ኩባንያው በጽሑፍ ሳይስማማ “ተከፍሎኛል፣ አልጠይቅም” የሚል ነገር አይጻፍ።

ለኢንሹራንሶችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ውሉን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ትሰጡናላችሁ፤ ደንበኛው መኪናው ኪስ ከትቶት ይረሳዋል። “ሳታሳውቁን ከገጪው ጋር አትፈራረሙ” የሚለውን በአማርኛ በትልቁ ከስቲከሩ ጋር ብትሰጡን ምን ይጎድልባችኋል?

የጋራዥ ባለቤት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር