ባትሪው እናንተ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ግን የማን ነው?

ለውድ ደንበኞቻችን፣ ለመለዋወጫ ሱቆችና ለጋራዦች

ጉዳዩ፦ በአደራ ስለምናስቀምጣቸው የመኪና ባትሪዎች

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን ከሱቁ አከራይ ጋር በኪራይ ተጣላ። አከራዩ አንድ ማለዳ ቀድሞ ደርሶ ቁልፉን ቀየረው። ውስጥ የእኛ 14 ባትሪዎች ነበሩ። "ባትሪዎቹ የእኛ ናቸው፣ እናውጣቸው" ብንለው "ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የተከራዬ ነው። የእናንተ ከሆነ ወረቀት አምጡ" አለን። ወረቀትማ ነበረን። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው "14 ባትሪ ተረክቤያለሁ" የሚል መስመርና ፊርማ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አይናገርም። እንዲያውም ላነበበው ሰው ደንበኛችን በዱቤ የገዛ ይመስላል።

ባትሪዎቹን ለማስወጣት 11 ቀን ፈጀብን። አከራዩን ግን ብዙም አልፈረድንበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል፤ ማስረጃውን ማምጣት ያለብን ግን እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ የማስረከቢያ ወረቀታችንን ቀይረናል። አዲሱን ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ "ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ነው ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ከእናንተ ጋር ሁለት ዓይነት አሠራር አለን፣ እኛ ራሳችንም ስንናገር እናምታታቸዋለን። አንደኛው አደራ ነው፤ ኮንሳይመንት የሚባለው። ዕቃው እናንተ ጋ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ እኛ ነን፣ ሲሸጥ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው ክምችቱን እኛ የምንከታተልበት ነው። የእኛ ልጅ በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ይቆጥራል፣ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት የሚወስነውም እሱ ነው። የመጀመሪያው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የውሳኔ ጉዳይ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ ከጋራዦቹ መካከል ሦስቱ ባትሪውን ገዝተው ነው የሚያስቀምጡት፤ ብዛቱን ግን እኛ ነን የምንወስንላቸው። እነሱ ጋ ያለው ባትሪ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ የራሳቸው ነው። ይህ ደብዳቤ በዋናነት የሚመለከተው በአደራ የምትይዙትን ነው።

በአደራ የተቀመጠ ባትሪ የእናንተ የሚሆነው መቼ ነው? በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ለደንበኛ ስትሸጡት፣ ወይም በራሳችሁ መኪና ላይ ስትገጥሙት። በዚያች ደቂቃ ከእኛ ወደ እናንተ ያልፋል፣ ዋጋውም ዕዳ ይሆናል። ገዝቶ የሄደው ባለመኪና ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። በቅን ልቦና ገዝቶ ተረክቧል፣ ሕጉም ባለቤት ያደርገዋል። እናንተ ሳትከፍሉን ብትቀሩ እንኳ መኪናው ላይ ሄደን ባትሪ አንፈታም። የምንጠይቀው እናንተን ነው።

በ90 ቀን ካልተሸጠስ? አንዳንድ አቅራቢዎች "90 ቀን ካለፈ እንደተሸጠ ይቆጠራል" ይላሉ። እኛ ይህን አንወደውም። ሳይሸጥም የግድ የሚከፈልበት ከሆነ ስሙ ብቻ ነው አደራ፤ ነገሩ የሦስት ወር ዱቤ ነው። ስለዚህ 90 ቀን የሞላውን ባትሪ እኛው አንስተን ቶሎ ወደሚሸጥበት ሱቅ እንወስደዋለን። የማንሳት መብቱ የእኛ መሆኑ ራሱ ባለቤትነታችን ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ አደራ መሆኑን ለመለየት ከሚያያቸው ነገሮች መካከል ይህ አለ፦ አቅራቢው ዕቃውን መልሶ መውሰድ ይችላል ወይ? ያዡስ ሳይሸጥ የመክፈል ግዴታ አለበት ወይ?

ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ይህችን ንገሩልን። የእኛ ባትሪ በእናንተ የዕቃ ቆጠራ ሒሳብ ውስጥ መግባት የለበትም። በእኛ መዝገብ ላይ አለ። ሁለታችንም ከመዘገብነው አንድ ባትሪ ሁለት ቦታ ሀብት ሆነ ማለት ነው። ከባንክ ብድር ስትጠይቁ የባንኩ ሰው መጥቶ መደርደሪያችሁን ቢቆጥር፣ ሰማያዊ ምልክት የተለጠፈባቸውን "የሰው ናቸው" በሉት። ዝም ብላችሁ ካስቆጠራችሁ፣ በኋላ ጣጣው ለሁላችንም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። "ዕቃው የእናንተ ከሆነ፣ ቢጠፋም የእናንተ ነው" ይሉናል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ባለቤትነትና የጉዳት ኃላፊነት ሁልጊዜ አንድ ሰው ትከሻ ላይ አያርፉም፤ በውል ይለያያሉ። እኛ ኃላፊነቱን ያከፋፈልነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጉዳቱን ማን መከላከል ይችል ነበር? ሌሊት የሱቁን ቁልፍ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መሰረቅ፣ መጉደል፣ ወድቆ መሰንጠቅ በእናንተ ነው። ዕቃውን መርጠን ያመጣነው እኛ ነን። ስለዚህ የፋብሪካ ጉድለት፣ ሳይሸጥ መቅረትና የዋጋ መውረድ በእኛ ነው።

አስቸጋሪው መሃል ያለው ነው፤ ባትሪ ቁጭ ባለበት መድከሙ። ባትሪ እንደ ፍሬን ሸራ አይደለም። ሳይነካም ቀስ በቀስ ይፈሳል። ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። ከ12.4 በታች ወርዶ ከቆየ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት መጋገር ይጀምራል፣ ከቆየ ደግሞ ቻርጅም አያድነውም። ለዚህ ነው በየጉብኝቱ ለክተን ካርዱ ላይ የምንጽፈው። ወደ 12.4 የተጠጋውን ቻርጅ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው፣ ወጪውም የእኛ ነው። ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ መሸጥና ባትሪውን ለሌላ ሥራ አለማዋል።

ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም። በምሳሌ እንየው። ለአንድ ሱቅ 24 ባትሪ አስገባን እንበል። ለሒሳብ እንዲቀለን የአንዱን ዋጋ ከታክስ በፊት 10,000 ብር እናድርገው። ከወር በኋላ ቆጠራ መጣን። በደረሰኝ የተሸጠው 15 ነው። መደርደሪያው ላይ 9 መኖር ነበረበት፤ ያገኘነው 7 ነው። ከሰባቱ አንዱ ጥጉ ተሰንጥቆ አሲድ ያዥጎደጉዳል። አንዱ ደግሞ 11.9 ቮልት ያሳያል። አምስቱ ደህና ናቸው።

የ15ቱ ጉዳይ ግልጽ ነው፣ ተሽጠዋል። የጎደሉት 2 ይከፈላሉ። የተሰነጠቀው 1 ይከፈላል። እስካሁን 18፣ ማለትም 180,000 ብር ነው። የቀረው ያ 11.9 የሚያሳየው ነው። ባለሱቁ "ተቀምጦ ነው የደከመ" ይላል። ሲገባ ካርዱ ላይ 12.65 ተጽፎለታል። ጤነኛ ባትሪ በራሱ ሲፈስ በወር የሚያጣው ከጥቂት በመቶ አይበልጥም። በአንድ ወር ከ12.65 ወደ 11.9 ወርዶ አይገኝም። ስለዚህ ወይ አንድ ክፍሉ የተበላሸ ነው፣ ወይ አንድ ሰው መኪና አስነስቶበታል።

ይህን በመጨቃጨቅ አንፈታውም። ወስደን ሙሉ ቻርጅ እናደርገዋለን፣ አንድ ሌሊት እናሳድረዋለን፣ ከዚያ በሎድ ቴስተር እንፈትነዋለን። አንድ ክፍሉ የሞተ ከሆነ ወደ 10.5 አካባቢ ይወርዳል፤ ስድስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጡ አንዱ ሲሞት ያን ያህል ይጎድላል። እንዲያ ከሆነ የፋብሪካ ጉድለት ነው፣ በእኛ ይሁን። ቻርጁን ይዞ ካደረና ፈተናውን ካለፈ ግን ባትሪው ጤነኛ ነበር፣ የሆነ ሰው ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ያኔ እንደ አዲስ መሸጥ ስለማይቻል የዋጋ ልዩነቱን እናስባለን እንጂ ሙሉ ዋጋ አናስከፍልም። የፈተናውን ውጤት ደግሞ ጽፈን እንሰጣችኋለን። መገኘት የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይይ።

ስለጎደሉት ባትሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። በእኛ ልምድ አብዛኛው ጎደሎ ሌብነት አይደለም። ጎረቤት ያለ መካኒክ "ለሙከራ ስጠኝ፣ ዳይናሞው ይሁን ባትሪው ልይ" ብሎ ይወስዳል። ከዚያ መኪናውም ባትሪውም ይሄዳል። ለሙከራ የሚወጣን ባትሪ ሲሪያል ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት። በሦስት ቀን ካልተመለሰ እንደተሸጠ ይቆጠራል።

ስርቆትና እሳት በእናንተ ስለሆነ ኢንሹራንሳችሁን ተመልከቱ። ብዙ የእሳት ኢንሹራንስ ውል የራሳችሁን ዕቃ ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ በአደራ የያዛችሁት የሚካተተው ውሉ ላይ በግልጽ ከተጻፈ ነው። "በአደራ ወይም በኮሚሽን የተያዘ ዕቃ" የሚል ሐረግ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ እንዲጨመር አድርጉ፣ መጠኑንም ከእኛ ካርድ ላይ ከፍተኛ ተብሎ በተጻፈው ቁጥር አሰሉት።

ክምችቱን ስለምንወስንላችሁ ደግሞ ባጭሩ። ካርዱ ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር አለ። በሳምንት 4 የሚሸጥ ሱቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ የምንመጣ ከሆነ፣ በመሃል 8 ይሸጣል። ለድንገተኛ ቀን 4 እንጨምርና ከፍተኛው 12 ይሆናል። ከዚያ በላይ ካራገፍንባችሁ ስህተቱ የእኛ ነው። አልቀበልም ማለት ትችላላችሁ፣ ከተቀበላችሁም በኋላ በራሳችን መኪና እናነሳዋለን። ገዝታችሁ ለምታስቀምጡትም ይኸው ይሠራል፣ ከከፍተኛው በላይ የገባውን በገዛችሁበት ዋጋ እንመልሳለን። ግን ሽያጩን ደብቃችሁ ካርዱ ከተዛባ ያ ስሌት አይሠራም። ሁለት ጊዜ ደርሶብናል።

ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንስቶ በየሱቁ እየዞርን እንቆጥራለን። ልጁ ሲመጣ የሽያጭ ደረሰኞቹን አዘጋጁለት። በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ የድርጅታችንን ስምና ሲሪያል ቁጥር የያዘ ሰማያዊ ምልክት ይለጥፋል፣ እባካችሁ አትላጡት። አዲሱ ማስረከቢያ በሁለት ቅጂ ነው። አንዱን ሱቁ ውስጥ፣ ሌላውን ቤታችሁ አስቀምጡ። ሱቁ ሲታሸግ ውስጥ የቀረ ወረቀት አይጠቅምም።

የማትስማሙበት ነገር ካለ ሳትፈርሙ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር
የሽያጭና የስርጭት ክፍል